ሎግ ወይስ ሊኒየር? የዋጋ ስኬሉ ሲቀየር ትሬንድላይኑና ፊቦናቺው ለምን አብረው ይቀየራሉ

አንድ ትሬንድላይን እናስምር። የአሜሪካው ኤስኤንድፒ 500 ኢንዴክስ በማርች 2009 ወደ 667 ነጥብ ወረደ (የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የፋይናንስ ቀውሱ ወለል ይህ ነበር። በኦክቶበር 2011፣ የአውሮፓ የዕዳ ጭንቀት ባየለበት ሰሞን፣ ሌላ ትልቅ ዝቅታ ሠራ፤ 1,075 አካባቢ። ሁለቱን ዝቅታዎች አገናኙና መስመሩን ወደ ቀኝ ዘርጉት። ማንኛውም ትሬደር የሚያደርገው ነገር ነው።

ቻርቱ በሎግ ስኬል ከሆነ፣ ዋጋው ይህን መስመር መጀመሪያ የሰበረው በኦክቶበር 2014 ነው። በሊኒየር ስኬል ከሆነ ደግሞ መስመሩ እስከ ማርች 2020፣ እስከ ኮሮናው ድንጋጤ ድረስ ሳይነካ ቆይቷል። ሁለቱ ነጥቦች አልተቀየሩም። ዋጋው አልተቀየረም። በሁለቱ "ተሰበረ" መካከል ግን አምስት ዓመት ተኩል ገደማ አለ።

ብዙ ሰው የስኬሉን ቁልፍ የሚያየው እንደ ቀለም ምርጫ ነው። አይደለም። መስመሩ ምን እንደሚጠይቅ የሚወስነው እሱ ነው።

እያንዳንዱ ስኬል የሚለካው

ሊኒየር ስኬል ላይ እኩል ቁመት ማለት እኩል ነጥብ ወይም እኩል ዶላር ነው። ከ100 ወደ 200 የሄደ ዋጋና ከ4,000 ወደ 4,100 የሄደ ዋጋ በቻርቱ ላይ እኩል ይረዝማሉ። የመጀመሪያው ገንዘብን እጥፍ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ሁለት ተኩል በመቶ ብቻ ነው።

ሎግ ስኬል ላይ እኩል ቁመት ማለት እኩል ፐርሰንት ነው። ከ100 ወደ 200 እና ከ2,000 ወደ 4,000 እኩል ቁመት ይይዛሉ፤ ሁለቱም እጥፍ ናቸውና።

ስለዚህ በሊኒየር ቻርት ላይ ቀጥ ያለ መስመር "በየወሩ ይህን ያህል ነጥብ" ይላል። በሎግ ቻርት ላይ ቀጥ ያለ መስመር "በየወሩ ይህን ያህል ፐርሰንት" ይላል። የቀረው ልዩነት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የኤስኤንድፒ መስመር በቁጥር

ከ667 እስከ 1,075 ያለው ልዩነት 408 ነጥብ ነው። ጊዜው 31 ወር ገደማ። በሊኒየር ሲሰላ በወር 13 ነጥብ ከምናምን፣ በዓመት ደግሞ ወደ 158 ነጥብ ይመጣል። በሎግ ሲሰላ ያው ጉዞ በዓመት ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ዕድገት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። ይህን ያህል ትልቅ ኢንዴክስ በዓመት 20 በመቶ እያደገ ስንት ዓመት ይዘልቃል? ከቀውስ ወለል ሲነሳ ለጥቂት ዓመታት ይችላል። ለአሥር ዓመት ግን ከባድ ነው። የሎግ መስመሩ ይህን ፍጥነት ሳይቀንስ እንዲቀጥል ይጠይቃል። በኦክቶበር 2014 መስመሩ 1,880 አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ኢንዴክሱ ደግሞ ወደ 1,821 ወረደና ከሥሩ ገባ። በዚያው ወር መጨረሻ ግን ወደ አዲስ ከፍታ ተመለሰ። መስመሩ ተሰበረ ብሎ የሸጠ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊቱ ጠቆረ ማለት ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከ2015 አጋማሽ ጀምሮ ዋጋው ከሎግ መስመሩ በታች ሆኖ ቀረ። በሜይ 2015 ከ2,134 አካባቢ የተነሳው መውረድ በፌብሩዋሪ 2016 እስከ 1,810 አደረሰው፤ 15 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ ከፍታ የመጣው በጁላይ 2016 ነው። እንግዲህ የሎግ መስመሩ መሰበር ውሸት አልነበረም። የተናገረው "ገበያው ሊፈርስ ነው" ሳይሆን "የ20 በመቶው ፍጥነት አብቅቷል" ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ዕድገቱ በዝግታ የቀጠለበትን ብዙ ዓመት ከዳር ሆኖ አሳልፏል።

የሊኒየሩ መስመር ደግሞ በተቃራኒው ቸር ነው። በዓመት 158 ነጥብ በ667 ላይ 24 በመቶ ገደማ ነው። መስመሩ 2,219 በደረሰ ጊዜ፣ በ2018 መጨረሻ፣ ያው 158 ነጥብ 7 በመቶ ብቻ ነው። ሊኒየር መስመር በራሱ ጊዜ የሚጠይቀውን ፐርሰንት እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚህ ነው በፌብሩዋሪ 2016 ዋጋው 1,810 ሲደርስ መስመሩ ከሥሩ በ1,761 አካባቢ ሆኖ ተሸከመ የሚመስለው። በዲሴምበር 2018ም ዋጋው 2,347 ሲነካ መስመሩ ከሥሩ ነበር። የሎግ መስመሩ በዚያን ጊዜ ከ4,000 በላይ ሄዷል። ለማንም የማይጠቅም ከፍታ ነው።

ታዲያ ሊኒየሩ አሸነፈ? እዚህ ላይ አዎ የሚል ሰው ይኖራል። እኔ እንደዛ አላየውም። ሊኒየሩ የያዘው ገበያው ከቀውስ ወለል ተነስቶ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ስለሄደ ነው። ያ ቅርጽ ለሊኒየር መስመር የተሰፋ ነው። ፍጥነቱ ሳይቀንስ በፐርሰንት እኩል የሚያድግ ወይም እየፈጠነ የሚሄድ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ሊኒየሩ ከሩቅ ሥር ቀርቶ ምንም አይነግረንም ነበር። ዋጋው ግማሹን አጥቶ እንኳን መስመሩን ሳይነካ ሊቀር ይችላል። "መስመሩ አልተሰበረም" የሚለው ቃል ያኔ ማጽናኛ እንጂ መረጃ አይሆንም።

የመስመር ምርጫዬ እንግዲህ እንዲህ ነው። ማወቅ የምፈልገው "የዕድገቱ ፍጥነት አለ ወይስ ደከመ?" የሚለውን ከሆነ ሎግ አሰምራለሁ፤ ሲሰበርም እንደ ፍጥነት ለውጥ አነበዋለሁ፣ እንደ ሽያጭ ትእዛዝ አይደለም። ከወለል ተነስቶ እየተረጋጋ የሚሄድ ገበያ ላይ፣ ዕድገቱ ሳይጠፋ የቀነሰበትን ጊዜ መታገስ ከፈለግኩ የሊኒየሩ መስመር ይጠቅመኛል። አሜሪካ ሆናችሁ የጡረታ ቁጠባችሁ ኤስኤንድፒን በሚከተል ፈንድ ውስጥ ከሆነ፣ አሥርና ሃያ ዓመት የሚያሳይ ቻርት ስትከፍቱ ቢያንስ በሎግ ክፈቱት። በሊኒየር የድሮው ጊዜ መሬት ላይ የተኛ ይመስላል፤ 2008 ራሱ ትንሽ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስኬል መጥፎ መነሻ ነጥብን አያድንም። ቢትኮይን በዲሴምበር 2018 ወደ 3,100 ዶላር፣ በማርች 2020 ደግሞ ወደ 3,850 ዶላር ወርዶ ነበር። እነዚህን ሁለት ዝቅታዎች ያገናኘ መስመር በኖቬምበር 2021 የት ይደርሳል? በሊኒየር 4,850፣ በሎግ 5,140 ገደማ። ዋጋው ያኔ 69,000 ነበር። ሁለቱም መስመር ለምንም አይሆንም፤ ነጥቦቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ ስኬሉ የሚለየው ነገር የለም።

ፊቦናቺው ላይ ልዩነቱ ይብሳል

ወደ ሪትሬስመንት፣ ዋጋው ከወጣው ጉዞ ስንቱን መልሶ እንደወረደ ወደሚለካው የፊቦናቺ መሣሪያ እንምጣ። እዚህ ቢትኮይን ይሻላል፤ ጉዞው ረጅም ነውና። ከ3,100 ተነስቶ 69,000 ደረሰ፣ 22 እጥፍ ማለት ነው። የየገበያው ዋጋ ትንሽ ስለሚለያይ የተጠጋጉ ቁጥሮች እጠቀማለሁ።

የሊኒየሩ ስሌት ቀላል ነው። ልዩነቱ 65,900 ዶላር ነው። ከዚያ 38.2 በመቶውን ከጣሪያው ስትቀንሱ 43,800 ይመጣል። ግማሹ 36,050 ነው። 61.8 በመቶው 28,300፣ 78.6 በመቶው ደግሞ 17,200 ገደማ።

በሎግ የሚከፈለው ዶላሩ ሳይሆን እጥፉ ነው። ቀመሩ ይህ ነው፤ H ጣሪያው፣ L ወለሉ፣ r የፊቦናቺው ክፍልፋይ ነው።

```
level = H * (L / H)^r
```

38.2 በመቶው 21,100 ይሆናል። ግማሹ 14,600 ነው። 61.8 በመቶው 10,100 ገደማ። አስተውሉ፦ የሎጉ 38.2 ከሊኒየሩ 61.8 በታች ነው። ሁለት ሰዎች "ወርቃማው 0.618 ላይ ትእዛዝ አስቀምጫለሁ" ቢሉ አንዱ 28,000 ላይ፣ ሌላው 10,000 ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ስማቸው አንድ፣ ዋጋቸው ግን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት አለው።

ለሚወጣ ጉዞ የሎጉ ደረጃ ሁልጊዜ ከሊኒየሩ በታች ነው። ግማሹን ብቻ ብታዩ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሊኒየሩ የሁለቱን ዋጋ ድምር ለሁለት ይከፍላል። ሎጉ ሁለቱን አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን ይወስዳል። ሁለተኛው ሁሌም ያንሳል፤ ጉዞው በረዘመ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያንሳል።

አሁን የሆነውን እንይ። በ2022 ዋጋው ወረደ፤ በኖቬምበርም 15,500 አካባቢ ወለል ያዘ። ይህ መውረድ በሊኒየር 81 በመቶ ሪትሬስመንት ነው። በሎግ 48 በመቶ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን ታሪክ አለው። የሎግ ደጋፊ "ግማሹ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ፤ ከጁን እስከ ኖቬምበርም የቆየው በ38.2 አካባቢ ነው" ይላል። እውነት ነው፤ ዋጋው ለወራት 20,000 አካባቢ ተንገዋሏል። የሊኒየር ደጋፊ ደግሞ "በሜይ የተንጠለጠለው በ61.8 አካባቢ ነው፤ የጁኑ ዝቅታ 17,600 ሲሆን 78.6ን ሊነካ ምንም አልቀረውም" ይላል። ይህም እውነት ነው። በቂ መስመር ካሰመራችሁ ዋጋው የሆነ ቦታ አንዱን ይነካል። ስለዚህ "የትኛው ስኬል ደረጃውን መታ" በሚለው መምረጥ ከንቱ ክርክር ነው።

እኔ የምመርጠው በሌላ መለኪያ ነው፦ ቁጥሩ የሚነግረኝ ነገር ከእውነታው ጋር ይሄዳል ወይ? "81 በመቶ ተመለሰ" ሲባል የሚሰማው ጉዞው ሁሉ ጠፋ፣ አለቀለት የሚል ነው። ነገር ግን በ3,100 የገዛ ሰው 15,500 ላይም አምስት እጥፍ ላይ ነው። 22 እጥፍ ከሆነ ጉዞ አምስት እጥፍ ቀርቶታል። በፐርሰንት ዓለም ይህ የግማሽ መንገድ ነገር ነው፤ 48 የሚለው ቁጥር የሚናገረውም ይህንኑ ነው። በሌላ በኩል በ69,000 የገዛው ሰው ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ በላይ አጥቷል። ለእሱ ግን የትኛውም ሪትሬስመንት ሳይሆን ከጣሪያው የወረደው ፐርሰንት ነው የሚመለከተው፤ 77 በመቶ ተኩል። ይህ በሁለቱም ስኬል አንድ ነው።

የቀደመው ዙርም ተመሳሳይ ነው። ከ2015 መጀመሪያ ወለል ተነስቶ በዲሴምበር 2017 ወደ 19,700 ወጣ፤ ከዚያ በዓመቱ 3,100 ገባ። በሊኒየር 85 በመቶ፣ በሎግ 38 በመቶ ገደማ። ሊኒየሩ ሁለት ጊዜ "ሁሉም ነገር ጠፋ" አለ፤ ሁለት ጊዜም አልጠፋም። ከዚህ ተነስቶ ግን "ሎግ 38 ወይም 50 ላይ ይቆማል" የሚል ሕግ ማውጣት አይቻልም። ሁለት ዙር ሕግ አይሆንም።

መቼ ምንም ለውጥ የለውም?

አጭር ጉዞ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም። ጣሪያውን ለወለሉ አካፍሉ። ውጤቱ 1.2 ከሆነ የሁለቱ ስኬል የግማሽ ደረጃ ልዩነት ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው። 1.5 ሲሆን 2 በመቶ ገደማ። እጥፍ ሲሆን 6 በመቶ ያህል ይደርሳል፤ ከዚህ ጀምሮ ስቶፕ ሎስ የምታስቀምጡበትን ቦታ ይቀይራል። አምስት እጥፍ ላይ የሎጉ ደረጃ ከሊኒየሩ ሩብ ያህል ዝቅ ይላል። እኔ ከእጥፍ በታች ከሊኒየር አልወጣም፤ ከእጥፍ በላይ ሎግን እመርጣለሁ። በቀን ውስጥ የሚነግድ ሰው፣ ወይም ዩሮ በዶላርን የመሰለ በጠባብ ክልል የሚንቀሳቀስ ጥንድ የሚያይ፣ ይህን ጽሑፍ መዝለል ይችላል።

ሎግ ጨርሶ የማይሠራበት ቦታም አለ። ዜሮና ከዜሮ በታች ያለ ዋጋ ሎግ የለውም። በኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካው የሜይ ድፍድፍ ነዳጅ ኮንትራት ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ላይ ተዘጋ። ያንን ቀን የያዘ ቻርት በሎግ ስኬል ዋጋውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የሁለት ኮንትራት ዋጋ ልዩነት የሚያሳዩ ቻርቶችም እንደዚሁ ናቸው። የድሮ ዋጋቸው በነጥብ ተቀንሶ የተስተካከለ ፊውቸርስ ቻርቶች ላይም ተጠንቀቁ፤ የድሮው ዋጋ እውነተኛ ስላልሆነ ፐርሰንቱም እውነተኛ አይሆንም።

ቻርቱ ላይ የት እንደሚበላሽ

ትሬዲንግቪው ላይ `Alt+L` ስትጫኑ ስኬሉ ወደ ሎግ ይቀየራል፤ እንደገና ስትጫኑ ይመለሳል። ትሬንድላይኑ በሁለቱም ስኬል ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ሁለቱ መነሻ ነጥቦቹም ቦታቸውን አይለቁም። ከእነሱ ውጪ ግን የሚያልፍበት ዋጋ ሁሉ ይቀየራል። ስኬሉን ስትለውጡ "ያልተሰበረ" የነበረው መስመር በአንድ ጊዜ "የተሰበረ" ከሆነ ቻርቱ አልተሳሳተም፤ የጠየቃችሁት ጥያቄ ተቀየረ ማለት ነው።

የፊቦናቺው ጉዳይ ይበልጥ ያሳስታል። ቻርቱን ወደ ሎግ መቀየር ብቻ የፊቦናቺ ደረጃዎቹን በሎግ አያሰላም። በመሣሪያው ቅንብር ውስጥ `Fib levels based on log scale` የሚል ምርጫ አለ፤ እሱ ካልተመረጠ በሎግ ቻርት ላይ የሊኒየር ደረጃዎችን ነው የምታዩት። ማወቂያው ቀላል ነው። በሎግ ቻርት ላይ 0.5 የተባለው መስመር ከወለሉና ከጣሪያው በዓይን እኩል ርቀት ላይ መሆን አለበት። ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ካያችሁት ስሌቱ ሊኒየር ነው።

አግድም መስመሮች ግን በሁለቱም ስኬል አንድ ናቸው። የ2017ቱ ጣሪያ 19,700 በየትኛውም ቻርት 19,700 ነው። የትሬንድላይናችሁ ወይም የፊቦናቺያችሁ ንባብ ስኬል ሲቀየር የሚገለባበጥ ከሆነ፣ በአቅራቢያው እንዲህ ያለ አግድም ደረጃ አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ። ካለ እሱ ላይ የበለጠ ተማመኑ። ቴሌግራም ላይ "0.618 ላይ ግዙ" የሚል ቻርት ሲደርሳችሁ ደግሞ መጀመሪያ በቀኝ በኩል ያሉትን የዋጋ ቁጥሮች እዩ። በእኩል ርቀት የተቀመጡት በእኩል ዶላር እየጨመሩ ከሆነ ሊኒየር ነው፤ እጥፍ እየሆኑ ወይም እየተጠጋጉ ከሄዱ ሎግ ነው። ቁጥሮቹ ተቆርጠው ከወጡ የላከውን ሰው ስኬሉን ጠይቁት፤ ካላወቀ ደረጃውን ራሳችሁ በላይኛው ቀመር አስሉት።